‹አልላኩም› የተባለው ማን ነው?

ልጄ፣

የላክሽልኝን አንቀጽ ከዱርቤቴ ሆኜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስትደውዪልኝ «ጋሼ፣ ምኑ ነው ያልገባቸው? ሁሉንም ጽፌዋለሁ እኮ» ብለሽ ነበር። እውነትሽን ነው፣ ሁሉንም ጽፈሻል። ባሕር ዳር ያሉት አለቃሽ ግን ያነበቡት አንቺ ያሰብሽውን ሳይሆን ግሦችሽ የተናገሩትን ነው። «ናሙናው እንደገና ይወሰድ፣ የፓምፑን ደረሰኝም ኃላፊውን ጠይቂ» ብለው የመለሱልሽም ለዚህ ነው። እንዳትቆጪ እንጂ እኔም እሳቸውን ብሆን ይህንኑ እመልስልሽ ነበር።

አንቀጹን እዚህ ልገልብጠውና እያየነው እንነጋገር።

«በዚህ ወር የጉድጓዱ ቁፋሮ ተጠናቋል። ኮሚቴው አሸዋና ድንጋይ አቅርቦ ነበር፤ ቀለበቶቹንም እናወርዳለን። ኃላፊው ቦታውን ጎብኝተው የእጅ ፓምፑ እንዲገዛ ፈቀዱ፤ ደረሰኙን ግን እስካሁን አልላኩም። ክሎሪን ይጨመራል፤ የውሃ ናሙናም ወደ ባሕር ዳር ተወሰደ። አጥሩን በሚቀጥለው ሳምንት ጨርሰን ውሃው ለተጠቃሚው ክፍት ይሆናል። ቀሪውን ክፍያ ቶሎ ቢልኩ ሥራው አይስተጓጎልም።»

ከእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች አንዱንም ለብቻው ብታወጪው የሚነቀስ ነገር የለውም። ጣጣው የሚመጣው ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው።

1. መጀመሪያ ግሦቹን ብቻ ለቅመሽ አውጪ።

ሌላውን ሁሉ ተዪውና በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ጻፊያቸው፦ ተጠናቋል፣ አቅርቦ ነበር፣ እናወርዳለን፣ ፈቀዱ፣ አልላኩም፣ ይጨመራል፣ ተወሰደ፣ ጨርሰን፣ ክፍት ይሆናል፣ ቢልኩ፣ አይስተጓጎልም። አሁን በእያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ነገር አስፍሪ፦ ማን? መቼ? ‹ተጠናቋል› አድራጊ የለውም፣ ሥራው አልቋል። ‹አቅርቦ ነበር› ኮሚቴው ነው፣ ድሮ ነው። ‹እናወርዳለን› እኛ ነን፣ ገና ነው። ‹ፈቀዱ› እሳቸው ናቸው፣ አልፏል። ‹ይጨመራል› ማንም አይደለም፣ ገና ነው። ‹ተወሰደ› ማንም አይደለም፣ አልፏል። ስድስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንባቢሽን ከዛሬ ወደ ትናንት፣ ከትናንት ወደ ነገ፣ ከነገ መልሰሽ ወደ ትናንት አመላለስሽው። ጉድጓዱ ዳር ቆሞ የሚሠራው ሰውም በየመስመሩ ተለዋወጠ።

ይህን በዓይንሽ ሳታዪው ያለፍሽው ስንፍና ይዞሽ አይደለም። የእኛ ቋንቋ ሰውንም ጊዜንም ግሡ ውስጥ ይከታቸዋል። ‹እኛ› የሚለው ቃል ሳይጻፍ አንዲት ‹ን› ብቻ ስትቀር፣ ዓይን አሸዋና ድንጋዩን እያየ በላይዋ ያልፋል። ለዚህ ነው ግሦቹን ከአንቀጹ ነጥለሽ እንድታዪያቸው የምልሽ።

ስትለቅሚያቸው ደግሞ ከየት እንደመጡም ይታይሻል። ‹ተጠናቋል› ከወርኃዊው ቅጽ የተቀዳ ነው፤ ቅጹ ላይ አድራጊ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ‹እናወርዳለን› የኮሚቴው ሰብሳቢ በስልክ የነገረሽ ቃል ነው፤ ያውም ከሦስት ሳምንት በፊት። ‹ይጨመራል› ከዕቅድ ሠንጠረዡ ነው የተቀዳው። ‹ፈቀዱ› እና ‹ተወሰደ› ከራስሽ ማስታወሻ ደብተር ናቸው። አራት ወረቀት ሰፍተሽ አንድ አንቀጽ አደረግሽው፤ ስፌቱ የሚታየው ግሦቹ ላይ ነው። ሪፖርት ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው፣ እኔም ለዓመታት ስሠራው ኖሬያለሁ።

2. ሦስቱን ያለፈ ጊዜ አታቀላቅዪ።

‹ፓምፑ ግንቦት 4 ቀን ተገጠመ› ስትዪ የምትነግሪን አንድ ቀን የሆነን ነገር ነው። ‹ፓምፑ ተገጥሟል› ስትዪ ዛሬም እንደተገጠመ ነው፣ ሄዶ ያየ ሰው ያገኘዋል ማለትሽ ነው። ‹ፓምፑ ተገጥሞ ነበር› ስትዪ ግን አንባቢው ቀጥሎ የሚመጣ ‹ግን› ይጠብቃል። ተገጥሞ ነበር፣ ከዚያስ? ተሰበረ? ተነቀለ? ተሰረቀ?

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ለምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ የመስክ ሪፖርት ጻፍኩ። እኔ ከመድረሴ በፊት ሥራው አልቆ እንደጠበቀኝ ለመናገር ብዬ «በደረስኩ ጊዜ ፓምፑ ተገጥሞ ነበር» አልኩ። ለኔ ግልጽ ነበር። ዋናው ቢሮ ያለው ሰው ግን ‹በደረስኩ ጊዜ› የሚለውን ዘሎ ‹ተገጥሞ ነበር› የሚለውን ያዘ። በሳምንቱ አንድ ቴክኒሽያን መለዋወጫ በመኪና ጭኖ ከተፍ አለ። ሴቶቹ እንስራቸውን ደርድረው ውሃ ሲቀዱ አገኛቸው። ቴክኒሽያኑ ምንም አላለኝም፤ ሪፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ ያቺን መስመር በጣቱ ብቻ አሳየኝ።

አንቺም «ኮሚቴው አሸዋና ድንጋይ አቅርቦ ነበር» ብለሻል። አንባቢሽ ‹አሁንስ የት ሄደ?› ይላል። አሸዋው ሥራ ላይ ከዋለ ‹አቅርቧል፤ ሥራ ላይ ውሏል› በዪ። ‹ነበር›ን የምታስገቢው ነገሩ ከዚያ ወዲያ ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ምን እንደተለወጠ እዚያው ተናገሪ።

3. ‹ይጨመራል› መቼ እንደሆነ ቀኑን ካልነገርሽ ራሱ አይናገርም።

ልጄ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ። ናሙናው እንደገና ይወሰድ የተባለው በዚህች ቃል ጦስ ነው።

‹ክሎሪን ይጨመራል› የሚለው አማርኛ ሁለት ፊት አለው። ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ‹አዲስ ጉድጓድ ላይ ክሎሪን ይጨመራል› እንደሚባለው ማለት ነው። ወደፊት የሚደረግ ነገርም ሊሆን ይችላል። የዕቅድ ሠንጠረዥ በዚህ ግሥ የተሞላ ስለሆነ የቢሮ አንባቢ ቀድሞ የሚያስበው ሁለተኛውን ነው፤ ገና አልተደረገም ብሎ ያነባል። ከጎኑ ደግሞ ‹ናሙናም ወደ ባሕር ዳር ተወሰደ› አልሽ። ገና ያልተደረገውና የተደረገው ተከታትለው ቆሙ።

አለቃሽ የውሃ ሰው ናቸው፤ ቅደም ተከተሉን ያውቁታል። ጉድጓዱ ተገንብቶ ፓምፑ ከተገጠመ በኋላ በክሎሪን ይታጠባል፤ ክሎሪኑም ውስጡ ያድራል። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ውሃው በፓምፑ እየወጣ ይደፋል። ናሙና የሚወሰደው ከዚህ በኋላ ነው። ክሎሪን ሳይገባ የተወሰደ ናሙና የሚያሳየው የቆፋሪውን እግርና የባልዲውን ቆሻሻ ነው፤ ሰው ወደፊት ስለሚጠጣው ውሃ ብዙ አይነግርሽም። ክሎሪኑ ተጠርጎ ሳይወጣ የተወሰደውም ያው ነው፤ ላቦራቶሪው ጀርም ላያገኝ ይችላል፣ ግን የታየው የክሎሪኑ ጉልበት እንጂ የጉድጓዱ ንጽሕና አይደለም።

ስለዚህ አንቀጽሽን ያነበበ ባለሙያ ‹ናሙናው ከክሎሪኑ በፊት ተወስዷል፣ ዋጋ የለውም› ማለቱ ትክክል ነው። እኔ ስጠይቅሽ ግን ምን አልሽኝ? ግንቦት 6 ቀን ክሎሪኑ ገባ፣ አደረ፣ ውሃው ተደፋ፣ ግንቦት 9 ቀን ናሙናውን ወስደሽ በራስሽ እጅ አስረከብሽ። ሥራው የተሠራው በደንቡ ነው። የተሳሳተው ግሡ ብቻ ነው፤ እሱም የዕቅዱን ግሥ ሳትለውጪ በመቅዳትሽ የመጣ ነው። ‹ታጥቧል› ብለሽ ቀኑን ብትጨምሪ ኖሮ ያ ሁሉ ምልልስ ባልመጣ።

‹ቀለበቶቹንም እናወርዳለን› የሚለውም ከዚህ ይመደባል። የሲሚንቶ ቀለበቶቹ ሳይወርዱ ፓምፕ እንደማይገጠም የሚያውቅ አንባቢ፣ ፓምፕ ላይና ናሙና ላይ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። አንባቢ ግራ ሲገባው ደግሞ ግሡን አይጠረጥርም፣ ሥራውን ነው የሚጠረጥረው።

ስለ ቀን ካነሳሁ አይቀር፣ ‹በዚህ ወር› አትበዪ። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ በበጋው ማብቂያ፣ በሚያዝያና በግንቦት ቢቆፈር ይመረጣል፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ዝቅ የሚለው ያን ጊዜ ስለሆነ፣ ያኔ ውሃ ያገኘ ጉድጓድ በሌላ ጊዜም የመድረቁ ነገር ያን ያህል አያሰጋም። ‹ሚያዝያ 18 ቀን በ12 ሜትር ውሃ ላይ ደርሷል› ብትዪ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ነገርሽው። ጥቅምት ላይ በ12 ሜትር የተገኘ ውሃ ሌላ ጉዳይ ነው።

4. ‹እኛ› ማን እንደሆንን ቁረጪ።

አማርኛ ‹እኛ› ሲል ሰሚው ይግባበት አይግባበት አይለይም። ‹እናወርዳለን› ያልሽው እኛ የወረዳው ቢሮ ማለትሽ ነው? እኛ ከኮሚቴው ጋር ሆነን? ወይስ ባሕር ዳር ያሉትን አለቃሽንም ጨምረሽ? በተራ ደብዳቤ ይህ ያን ያህል ላያስጨንቅ ይችላል። በእናንተ ሥራ ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው።

አሠራሩን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ግን ለነገሩ ልድገመው። በክልላችን በፊንላንድ ድጋፍ ሥር የሰደደው ማኅበረሰቡ ራሱ የሚመራው የገጠር ውሃ ሥራ ጠባዩ ይህ ነው፦ የግንባታው ገንዘብ በቀድሞው አብቁተ፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ በኩል አልፎ መንደሩ ለመረጠው የውሃ ኮሚቴ ይደርሳል። ሲሚንቶውን የሚገዛው ኮሚቴው ነው። ቆፋሪውንና ግንበኛውን የሚዋዋለውም፣ ደረሰኝ የሚይዘውም እሱ ነው። የወረዳው ባለሙያ ይመክራል፣ ያሠለጥናል፣ ይቆጣጠራል።

እንግዲህ በዚህ አሠራር አንቺ ‹ቀለበቶቹን እናወርዳለን›፣ ‹አጥሩን ጨርሰን› ስትዪ የኮሚቴውን ሥራ በቢሮው ስም እየመዘገብሽ ነው። ኦዲተር ቢመጣ ‹እናንተ ካወረዳችሁ የሠራተኛው ክፍያ በየትኛው ሒሳባችሁ ነው?› ብሎ ቢጠይቅሽ አይፈረድበትም። የኮሚቴው ሰብሳቢ በስልክ ‹እናወርዳለን› ሲሉ ‹እኛ› ኮሚቴው ነበር። ቃላቸው ወደ አንቺ ኢሜይል ሲገባ ‹እኛ› አንቺ ሆንሽ። የሰው ንግግር ስትወስጂ ግሡን እንዳለ አትውሰጂ፤ አድራጊውን በስሙ ጥሪው፦ ‹ኮሚቴው›፣ ‹ኮሚቴው የቀጠረው ባለሙያ›፣ ‹መንደሩ›።

በራስሽ እጅ የሠራሽውን ደግሞ ‹እኔ› ለማለት አትፈሪ። ናሙናውን ወስደሽ ያስረከብሽው አንቺ ነሽ። ‹ተወሰደ› ስትዪ ትሕትና መስሎሽ ይሆናል፤ ለላቦራቶሪው የሚደውል ሰው ግን ማን እንዳስረከበ ማወቅ አለበት። ሁሉንም ግን እንዲህ ማድረግ አያስፈልግም። ‹ፓምፑ ተገጥሟል› ብትዪ፣ የገጠመው ሰው ማንነት ጥያቄ እስካላስነሣ ድረስ አድራጊው ቢቀር ማንንም አይጎዳም።

5. አክብሮት ሲገባ ስሙን ድገሚው።

ከሁሉ የገረመኝ ‹ደረሰኙን ግን እስካሁን አልላኩም› የምትለው ናት። ስንት ሰው እንደሚሆን ቁጠሪ። ኃላፊውን አክብረሽ ‹ፈቀዱ› ስላልሽ፣ ‹አልላኩም› ያልሽውም እሳቸውን ይመስላል፤ አለቃሽም የያዙት ይህን ነው። ‹እነሱ›፣ የኮሚቴው አባላት ሊሆኑም ይችላሉ። ‹እርስዎ አልላኩም› ተብሎ አንባቢውን ራሱን መውቀስም ይሆናል። ‹አልላክኩም› ማለት ፈልጎ ፊደል የጎደለበት ሰውም ‹አልላኩም› ብሎ ይጽፋል፣ ያን ጊዜ አንቺ ራስሽ ነሽ። አንዲት ግሥ፣ አራት ተጠርጣሪ!

በአማርኛ ‹እሳቸው›፣ ‹እነሱ› እና ‹እርስዎ› እዚህ ላይ አንድ ግሥ ይጋራሉ። በአፍ ስንነጋገር ዓይናችንና እጃችን ያሳያል፤ ኢሜይል ዓይን የለውም። አክብሮቱን ተዪ አልልሽም፤ ኃላፊውን ‹ፈቀደ› ብለሽ ብትጽፊ እኔም አልወደውም። መፍትሔው ስሙን መድገም ነው፦ ‹ደረሰኙን ኮሚቴው አልላከም›። ‹ኮሚቴው› በነጠላ ከሄደ እስከ መጨረሻው በነጠላ ይሂድ፤ አንዴ ‹አቅርቧል› ብለሽ አንዴ ‹አልላኩም› ካልሽ ያው ችግር ተመለሰ።

መጨረሻ ላይ ያለው ‹ቢልኩ›ም ወንድሙ ነው። ደረሰኝ አልላኩም የተባሉትና ክፍያ ቢልኩ የተባሉት አንድ ሰው መስለው ቁጭ አሉ። አንባቢሽ ሲጨርስ ከሱ የሚፈለገው ነገር ይኑር አይኑር አላወቀም። የምትጠይቂው እሳቸውን ከሆነ ‹እርስዎ› በዪ፤ መሥሪያ ቤቱን ከሆነ ‹ዋናው ቢሮ› በዪ።

ሪፖርትሽ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተርጓሚው ‹አልላኩም›ን ክፍት አድርጎ ማለፍ አይችልም፤ የግድ አንዱን ሰው መርጦ ይጽፋል። ‹ይጨመራል›ም ላይ እንዲሁ አንዱን ጊዜ ይመርጣል። ተርጓሚው የገመተው ለጋሹ ዘንድ እንደ እውነት ይነበባል።

6. ጊዜ አይለወጥ አላልኩሽም፤ ወደ ኋላ አይመለስ።

አንድ ያስተማረሽ ሰው ‹አንቀጽን በአንድ ጊዜ ጻፊ› ብሎሽ ይሆናል። የሥራ ሪፖርት እንዲያ አይሆንም፤ ያለቀ አለ፣ እየተሠራ ያለ አለ፣ የሚቀር አለ። ያለቀውን ሁሉ በ‹ታጥቧል፣ ተገጥሟል› ዓይነት ከነቀኑ ጨርሺ። ከዚያ በ‹እያጠረ ነው› ወደ ዛሬ ተሻገሪ። ከዚያ ወደፊት ሂጂ፣ ከሄድሽ በኋላ አትመለሺ። የጎደለውና የምትጠይቂው መጨረሻ ይምጣ።

‹ጨርሰን ውሃው ክፍት ይሆናል› የሚለውን ለዚህ አቆይቼው ነበር። እኛ ብሎ ጀምሮ በውሃው ማለቁ ሳያንስ፣ አጥሩ ሲያልቅ ውሃው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የሚከፈት አስመስሎታል። የላቦራቶሪው ውጤት ገና አልመጣም። ‹ከሆነ› ማለት ሲገባሽ ‹ይሆናል› አትበዪ።

በነገርሽኝ መሠረት እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«የውሃ ኮሚቴው የቀጠረው ባለሙያ ቁፋሮውን ሚያዝያ 18 ቀን በ12 ሜትር ጥልቀት አጠናቋል። ኮሚቴው ያቀረበው አሸዋና ድንጋይ ሥራ ላይ ውሏል፤ የሲሚንቶ ቀለበቶቹም እስከ ሚያዝያ 28 ቀን ሙሉ በሙሉ ወርደዋል። የወረዳው ኃላፊ ቦታውን ጎብኝተው ግዢውን ስለፈቀዱ ኮሚቴው የእጅ ፓምፑን ገዝቷል፤ ፓምፑ ግንቦት 4 ቀን ተገጥሟል። ጉድጓዱ ግንቦት 6 ቀን በክሎሪን ታጥቧል። የክሎሪኑ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ውሃው ከተደፋ በኋላ፣ እኔ ግንቦት 9 ቀን ናሙና ወስጄ ባሕር ዳር ለሚገኘው ላቦራቶሪ አስረክቤያለሁ። አጥሩን የመንደሩ ነዋሪ እያጠረ ነው፤ እስከ ግንቦት 22 ቀን ያልቃል። ውሃው ለተጠቃሚ የሚከፈተው የላቦራቶሪው ውጤት ንጹሕ ከሆነ ነው። የፓምፑን ደረሰኝ ኮሚቴው እስካሁን አልላከም፤ እስከ ግንቦት … ቀን ይልካል። ደረሰኙ እንደደረሰ ዋናው ቢሮ ቀሪውን ክፍያ ለኮሚቴው እንዲልክ እጠይቃለሁ።»

ከድሮው ረዝሟል፣ አውቃለሁ። ግሦቹን አንቺ ደግሞ ለቅመሽ ፈትሺልኝ፤ የኔም ዓይን አርጅቷል።

ደረሰኙ የሚመጣበትን ቀን ባዶ የተውኩት አውቄ ነው። እኔ የማውቀው ነገር አይደለም፣ አንቺም አልነገርሽኝም። ሰብሳቢውን ነገ በጠዋት፣ ወደ እርሻ ሳይወጡ ደውዪላቸውና ቀኑን ቁርጥ አድርገው ይንገሩሽ። ከዚያ በፊት እንዳትልኪው።